ስታተስሽን ማን እንዳየው የምታዪው ለምንድነው?

«ሰላም ዶክተር። ከአራት ዓመት ፍቅረኛዬ ጋር ከተለያየን 3 ወራችን ነው፣ እሱ ነው የተወኝ። በወሩ ከሌላ ልጅ ጋር ጀመርኩ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ጓደኞቼ ግን ይሄ ሪባውንድ ነው፣ መጀመሪያ ቁስልሽ ይዳን ይሉኛል። አብረን የተነሳነውን ፎቶ ስታተስ ላይ ስለጥፍ ኤክሴ በደቂቃ ውስጥ ያየዋል፣ እሱም እንዳልረሳኝ አውቃለሁ። ከዚህኛው ጋር ስንጣላ ደሞ ኤክሴ በጣም ይናፍቀኛል። ቸኩያለሁ እንዴ? ልተወው?»

እህቴ፣ በጊዜው ጉዳይ ጥናቶቹ ከጓደኞችሽ ጋር አይስማሙም። ክላውዲያ ብረምባውና ክሪስ ፍሬሊ በፈረንጆቹ 2015 ባወጡት ጥናት አዲስ ግንኙነት ውስጥ ያሉት ሰዎች ብቻቸውን ከነበሩት ይልቅ ተፈላጊ ነኝ ብለው ያምኑ ነበር፣ የኤክሳቸውንም ነገር ይበልጥ ዘግተውታል፣ ቶሎ የጀመሩትም ከዘገዩት የባሱ ሳይሆኑ እንዲያውም የተሻሉ ነበሩ። ግን ቶሎ መጀመራቸው ነው የረዳቸው ወይስ ድሮም ቶሎ የሚያገግሙት ናቸው ቶሎ የጀመሩት? ያንን እንዲህ ያለ ጥናት አይለይም፣ ስለዚህ ለጓደኞችሽ ማስረጃ አድርገሽ እንዳትወስጂው።

እኔን ያሳሰበኝ ወሩ አይደለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ስለ ልጁ ያለው «ጥሩ ልጅ ነው» የሚለው ብቻ ነው፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስጨንቀው የለም፣ የኤክስሽ ግን ስታተስ ያየበት ደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል። ፎቶው ላይ አጠገብሽ ያለው አዲሱ ልጅ ነው፣ የተለጠፈው ግን ለሌላኛው ነው። ይሄ ልጅ ለምን እንደተለጠፈ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እዚህ ላይ እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

ናፍቆቱን በተመለከተ ግን ልብሽን እንዳትሰሚው። ስቴፋኒ ስፒልማንና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 2013 ያሳተሙት ሥራ እንደሚያሳየው ሰው አሁን ያለበት ግንኙነት ጥሩ ካልሆነ ከኤክሱ ጋር ያለው ስሜት ይጠነክራል። አስቢው፣ ማታ በስልክ ተጨቃጭቃችሁ ሲዘጋብሽ ኤክስሽ ትዝ ይልሻል፣ የሚመጣልሽ ደሞ ማኪያቶ ይዞ የጠበቀሽ ቀን እንጂ ትቶሽ የሄደበት ቀን አይደለም። አንቺ ይሄንን «የኔ ሰው እሱ ነበር» ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ፣ ናፍቆቱ ግን የሚነግርሽ ዛሬ ከዚህኛው ጋር ያልተነጋገራችሁት ነገር እንዳለ ነው። እና ኤክስሽ ጋር ከመደወልሽ በፊት የተጣላችሁበትን ነገር መልሰሽ ከልጁ ጋር አውሪው።

ልተወው ላልሽው በአንድ ደብዳቤ አዎ ወይም አይ ማለት አልችልም። ከቻልሽ ለተወሰኑ ሳምንታት ስታተስሽን ከኤክስሽ ደብቂውና ራስሽን ታዘቢ፣ እሱ እንደማያይ እያወቅሽም ልጁን ማግኘት ካማረሽ እዛ ውስጥ የራሱ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ ከቀዘቀዘብሽ ደሞ ልጁ እውነቱን ካንቺ አፍ መስማት አለበት። የአራት ዓመት ሰው ትቶሽ ሄዶ ስለዛ ሀዘን አንድ መስመር እንኳን አልጻፍሽም፣ እሱን ግን በጽሁፍ ሳይሆን አንድ ባለሙያ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ ብታወሪው ደስ ይለኛል።