ፍርድሽ የት አለ?

*ጤና ይስጥልኝ። የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በአንድ ወረዳ እንዴት እንደተተገበረ ነው የማጠናው። አማካሪዬ የ25 ምንጮች አኖቴትድ ቢብሊዮግራፊ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምንጭ አጭር ማጠቃለያና ግምገማ ያለው ዝርዝር፣ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። ማስታወሻዬ ግን በሁለት ደብተር፣ በስልኬና በፎቶኮፒ ጠርዝ ላይ ተበታትኗል። የጻፍኳቸውን አምስቱን አይተው «አንዱ ገጽ ሙሉ፣ ሌላው ሁለት መስመር። ፍርድሽስ የት አለ?» አሉኝ። ከየት ልጀምር?*

*ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ*

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትጻፊ። ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ወረቀት ያዢና ማስታወሻሽን ሁሉ ወደዚያ ገልብጪ። ስትገለብጪ ከየመስመሩ ጎን ምልክት አድርጊ፦ ቃል በቃል የቀዳሽውን «ቃ»፣ በራስሽ አባባል ያሳጠርሽውን «አ»፣ የራስሽን አስተያየት «እኔ» በይው። አማካሪሽ ያጡት ፍርድ ያለው «እኔ» ውስጥ ነው። ጠርዝ ላይ «ይሄን ማን ነገረው?» ብለሽ የጫርሽው ነገር ወርቅ ነው።

የገጽ ቁጥር የሌለውን በግምት አትሙይ፤ መጽሐፉን ድጋሚ ግለጪ። እትሙንም ጻፊ። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ ካነበብሽ፣ በፈረንጆቹ 1991 የወጣው እትም ታሪኩን 1974 ላይ ያቆማል፤ የ2001ዱ እስከ 1991 ይሄዳል። የአንቺ አዋጅ በፈረንጆቹ 1975 ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ መጻፉ። ማጠቃለያው ሁለት ነገር ይመልስ፦ ጸሐፊው ምን ይላል? በምን ማስረጃ? ግምገማውም ሁለት ይመልስ፦ ማስረጃው የት ድረስ ይታመናል? ለእኔ ወረዳ ምን ይሰጠኛል? ለማጠቃለያው ሦስት፣ ለግምገማው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ወፍራሙም መጽሐፍ፣ ስምንት ገጽ ጽሑፉም እኩል ቦታ ያግኙ።

አንድ የእድገት በኅብረት ዘማች የጻፈው የትዝታ መጽሐፍ አለሽ እንበል። «ጥሩና ጠቃሚ መጽሐፍ ነው» ብትዪ ምንም አላልሽም፤ ርዕሱን ሸፍነሽ ስታነቢው ለሌላውም መጽሐፍ ይሆናል። እንዲህ ሞክሪው፦ «ጸሐፊው የገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም በቦታው ነበር። የጻፈው ግን ከ30 ዓመት በኋላ፣ ከትዝታ ነው፤ ሰነድ አይጠቅስም። በስብሰባው ላይ ማን ምን እንዳለ ለማወቅ እጠቀምበታለሁ፤ ለቀንና ለመሬት ስፋት ግን ከወረዳው መዝገብ ጋር ሳላመሳክር አልወስድም።» ይሄ ለሌላ መጽሐፍ አይሆንም።

ሌላው ችግር መለኪያው መንሸራተቱ ነው። ሰኞ የጻፍሽው ግምገማ ለስለስ ይላል፣ አርብ የጻፍሽው ይመርራል። ስለዚህ የ25ቱንም ማጠቃለያ መጀመሪያ ጨርሺ፤ ከዚያ ግምገማውን ብቻ በአንድ ወይ በሁለት ቀን በተከታታይ ጻፊው።

አማካሪሽ ያዩዋቸውን አምስቱን አሁን አትነካኪ። የሌሎቹ ሃያ ማጠቃለያ ሲያልቅ የእነሱንም እንደ አዲስ ጻፊ፤ ግምገማቸው ከሌሎቹ ጋር ይሁን። አሮጌውን ለመጠጋገን ከሞከርሽ መልኩ ያስታውቃል።