ኮቱ ሳይሆን ገበሩ ነው የሚቀቅልህ

«ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሥራ ተዛውሬ አምስት ወር ሆነኝ። አምና ያሰፋሁትን ግራጫ ሱፍ ኮት ለብሼ ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቆየው። ጨርቁ ግን ስስ ነው። ብብቴ ሥር ሁለቴ ተተርትሯል። እዚህ አስጠግኜው ጭራሽ ጠበበኝ። አሁን ለሥራ አዲስ ኮትና ሱሪ ላሰፋ ነው። ምን ጨርቅ፣ ምን ገበር ልያዝ? ሰፊውንስ ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ ኮትህን ባላየውም ግምቴን ልንገርህ። ጥፋቱ የገበሩ ነው። ጀርባ ላይ መጣበቁና ብብት ሥር መተርተሩ አንድ ላይ ከመጡ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የማገኘው።

ዛሬ ማታ ኮቱን ገልብጠውና የጀርባውን ገበር መሀል ለመሀል እየው። ከአንገትጌው ወደ ታች የሚወርድ ሁለት ሴንቲ ያህል እጥፋት ሊኖረው ይገባል። ክንድህን ወደፊት ስትዘረጋ ገበሩን የሚያላውሰው እሱ ነው። ከሌለ ወይም ተሰፍቶ ከተዘጋ፣ ገበሩ ጀርባህ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጠብታ ውኃ ጣልበት። ጠብታው ሳይጠጣ ቁጭ ካለ ፖሊስተር ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ገበር ላብ አይጠጣም። ላቡ ሸሚዝህ ላይ ይቀራል፣ እርጥቡ ሸሚዝ ገበሩን ይይዘዋል፣ ገበሩም መንሸራተቱን ይተዋል። አሁን ክንድህን ስታነሳ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይጎተታል። ጉተታው የሚያርፈው ብብት ሥር ስለሆነ የሚተረተረውም እዚያው ነው።

የጠገነልህ ሰው ደግሞ ክፍተቱን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሰፍቶት ይሆናል። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሴንቲ ገባ ብሎ ሲሰፋ ሁለት ጨርቅ ይይዛል። በአንድ ጎን ሁለት ሴንቲ፣ በሁለቱም ጎን አራት ሴንቲ ጠፋ። መጀመሪያም እየጎተተ የቀደደውን ኮት በአራት ሴንቲ ማጥበብ ጥገና አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ በየሳምንቱ እጄ ላይ ይወድቃል፣ ያናድደኛልም።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ።

ጨርቁ ስስ ነው ብለሃል። ስስነት ግን ቅዝቃዜ አይደለም። ይህን ለደንበኛ ሁሉ የምነግረው ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሰኝ። ነጠላ አውጣና ከፀሐይ ፊት ያዘው። በድሩና በማጉ መካከል ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይገባል። ብርሃን በገባበት አየር ይገባል፣ አየር በገባበት ላብ ይወጣል። ላብ የሚያቀዘቅዝህ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ሰውነትህ ላይ ቁጭ ካለ ምንም አልጠቀመህም። አሁን ስስ የፖሊስተር ጨርቅ በተመሳሳይ መንገድ ያዝ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ አጠጋግተው ሸምነውታል፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ስስ ሆኖም እንደ ፌስታል ያፍንሃል። በሌላ በኩል ክሩ ጠንከር ያለ፣ አንድ በላይ አንድ በታች ተብሎ ላላ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅ በእጅህ ስትይዘው ከበድ ሊልህ ይችላል። ግን ይተነፍሳል። ድሬዳዋ ሰው እቤቱ ሲገባ ወደ ሽርጥ የሚሮጠው ለምን ይመስልሃል? ጥጥ ነው፣ ላላ ያለ ነው፣ አየር ከሥር ይገባዋል። ጋባርዲን ግን ሽመናው ሰያፍና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ ንጹሕ ጥጥ ቢሆንም ለአንተ ከተማ አልመክረውም። ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ አድርግ። ጨርቁን ነጠላ አድርገህ ወደ ብርሃን ያዝ። ከዚያ አፍህ ላይ አድርገህ እፍ በልና ትንፋሹ ከወዲያ በኩል መዳፍህ ላይ ይሰማህ እንደሆነ እይ። ካልተሰማህ አትግዛ።

ለቢሮ ኮት የምመርጥልህ ሊነን ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ነው። ይጨማደዳል፣ እሱን ተቀበለው። መጨማደዱን ካልወደድክ፣ በዚያው በአንድ በላይ አንድ በታች ሽመና የተሠራ ቀላል እውነተኛ ሱፍ ፈልግ። ከጥቅሉ የተቆረጠ አንድ ሜትር ርዝመት ከ240 እስከ 260 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ለሙቀት ጥሩ ነው። ችግሩ እኛ ዘንድ ሱቁ ሁሉ ለኮት የሚሆን ጨርቅ በሙሉ «ሱፍ» ይለዋል። የአንተም ግራጫ ኮት ሱፍ የተባለው በስም ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለመለየት ክሩን አቃጥለው። ግን በጥንቃቄ፤ ፖሊስተር እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጠብታውም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው። በጣት አትያዝ። ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቅ በተከመረበት፣ በጭራሽ አትሞክር። ቁራጭ ለምነህ እቤትህ ውሰድ። ከድሩም ከማጉም ለየብቻ አምስት አምስት ክር ምዘዝ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ፖሊስተር ነው። ክሩን በወረንጦ ይዘህ ውኃ ባለበት የብረት ሳህን ላይ ለኩሰው። ጥጥና ሊነን እንደ ወረቀት ነድደው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የቀረው ከቀዘቀዘ በኋላ በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ነድዶም ጠንካራ ፍሬ ከተወ ቅልቅል ነው።

ወደ ገበሩ ስንመለስ፣ ሙሉ ገበር አታስገባ። ለሰፊው «ጀርባው ከትከሻ እስከ ብብት ዝቅ ብሎ ብቻ ይገበር፣ የታችኛው ባዶ ይሁን» በለው። እጅጌው ግን ይገበር፣ አለዚያ ክንድህ አይገባም። ገበሩ ቪስኮስ ይሁን። ቪስኮስ ላብ ይጠጣል፣ ይንሸራተታልም። ሰፊው «ገበር አለኝ፣ ከእኔ ይሁን» ካለህ እሱንም ፈትሸው። በርካሽ በጥቅል የሚገዛው ፖሊስተር ነው። ጥሩ ጨርቅ ገዝቶ በእንዲህ ያለ ገበር መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ሲፈትሹትም ያው ማስጠንቀቂያዬ ነው፤ ወረንጦ፣ ሳህን፣ ውኃ፣ ልጆች ራቅ ይበሉ። የገበር ክር ስስ ስለሆነ ከጨርቁ ቶሎ ይቀልጣል።

ትከሻው ላይ የሚያስገቡትን ወፍራም ስፖንጅም እምቢ በል። ላብ ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል። ስስ የጥጥ ድርብ ይበቃል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር መጣ። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ክሩ ላላ ያለ ነው። ላላ ያለ ክር ደግሞ ስፌት አጠገብ ይንሸራተታል፣ ጫፉም ይበተናል። በዚያ ላይ ገበሩን አንስተነዋል፣ ስፌቱ ከውስጥ ይታያል። ስለዚህ የስፌቱ ትርፍ ሰፋ ማለት አለበት። አንዳንድ ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ አንድ ሴንቲ ትቶ በኦቨርሎክ ይበላዋል። በሊነን ላይ እንዲህ ያለ ስፌት ጎተት ሲል አፉን ይከፍታል። አንተ በጎንና በጀርባ መሀል ሁለት ሴንቲ ተኩል ይተው በል። ሱሪው ከኋላ ወገብ ላይ አራት ሴንቲ ይኑረው፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሂድ። ብብት ዙሪያ ግን ከአንድ ሴንቲ ተኩል አይብለጥ፤ እዚያ ትርፍ ሲበዛ ይቆረቁራል። ጫፉ ሁሉ በሰያፍ በተቆረጠ ስስ ጥጥ ይጠቅለል። የሰያፉ ጥብጣብ ፖሊስተር ከሆነ አንገትህና ብብትህ አካባቢ ያሳክክሃል።

የአንተን ልክ ባላውቅም፣ ደረትህ 100 ሴንቲ ነው እንበል። ያለቀው ኮት ደረቱ 112 አካባቢ ይሁን። ይህ ለልብሱ መላወሻ ነው፣ የስፌት ትርፉ ከዚህ ውጭ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰፊ አጋጥሞኛል፤ «አሥራ ሁለት ሴንቲ ትርፍ አለው» ይልና ስፌቱ ውስጥ ስታየው ምንም የለም። በሁለቱ ጎንና በጀርባ መሀል ሁለት ሴንቲ ተኩል ከተተወ፣ በየስፌቱ አንድ አንድ ሴንቲ ቢለቀቅ ከሁለት ጨርቅ ሁለት ሴንቲ ይገኛል። ሦስት ስፌት ስድስት ሴንቲ ነው። ብትወፍር ወይም ብትፈልግ ኮቱ 118 ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ካጠረ ነው። ሊነንና ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠቡ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት ያህል ሊያጥሩ ይችላሉ። 112 የነበረው ደረት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ 107 ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሰፊውን ትወቅሳለህ። ስለዚህ ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈህ አሳድር፣ ሳትጨምቅ ጥላ ውስጥ አድርቅ፣ ተኩሰህ ለሰፊው ስጥ። ሦስት ሜትር ተኩል የሚያስፈልግ ከሆነ ሃያ ሴንቲ ጨምረህ ግዛ። ሱፍ ከሆነ አትዘፍዝፍ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በካውያ እንፋሎት ማስጠጣት ይበቃዋል።

ለልኬት ስትሄድ ከሰዓት በኋላ፣ በትኩሱ ሂድ። ጠዋት በቀዝቃዛው የተለካ ልብስ እውነቱን አይነግርህም። ለቢሮ የምትለብሰውን ሸሚዝ ልበስ። በጊዜያዊ ክር እንደተያያዘ ልበሰውና ሁለት እጅህን ወደፊት ዘርጋ፣ ከዚያ ተቀመጥ። አንገትጌው ከአንገትህ ከራቀ ወይም ጀርባው ከተሰነገ፣ እዚያው ይለቀቅ። ትርፉ እንዳይቆረጥ በአፍህ ሳይሆን በጽሑፍ አስይዘው፤ የልኬት ደብተሩ ላይ «ትርፍ አይቆረጥ» ይበል። ሲጨርስ ለማሳመር ብሎ በመቀስ የሚያነሳው ሰፊ ብዙ ነው።

ግራጫውን ኮት አትጣለው። የጠገነውን ስፌት ፍታና ከውስጥ ስንት ትርፍ እንደቀረ ለካ። አንድ ሴንቲ ተኩል ካለ፣ ወደ ድሮው መስመር መልሶ በጠንካራ ክር መስፋት ይቻላል። የጀርባውን ገበር ከብብት በታች አውልቅ፣ የተገለጠውን ጫፍ በጥጥ ጠቅልል። የጨርቁን ፖሊስተርነት ማስተካከል አይቻልም፤ ለአዲስ አበባ ጉዞህ ያገለግልሃል። አንድ ነገር ብቻ፣ ያን ኮት ለብሰህ ከሰል ምድጃ አጠገብ አትቀመጥ፣ ቡና ሲፈላም ቢሆን። ፍንጣሪ ቢያርፍበት ቀልጦ ክንድህ ላይ ይጣበቃል።