ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዜሮ፦ ለመከራከር ከመሄድህ በፊት

«ፊዚክስ ሚድ ላይ ፎርስ አስሉ የሚል ወርክአውት ነበር። ቁጥሬ ከጎበዞቹ ጋር አንድ ነው፣ እኔ ግን ከ5 ዜሮ አገኘሁ። ሄጄ ብከራከር ነጥቤ ይመለሳል? ድሬ ነኝ።»

አቦ፣ የተወሰነው ይመለሳል። ግን «ቁጥሬ ልክ ነው» ብለህ ከሄድክ ምንም አታገኝም። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ድሬ ዳዋ ነው የሚማረው፤ ልክ እንዳንተ ሆኖበት ስለነበር ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ።

1. መጀመሪያ መልስህን ተወውና ከመልሱ በላይ ያለውን መስመር እይ። የወንድሜ ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ 400 ኪሎ ግራም የሆነ ባጃጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ፍሬን ይዞ በ5 ሰከንድ ቆመ። ኔት ፎርሱ ስንት ነው? እሱ 36ን ለ3.6 አካፍሎ 10 m/s አገኘ፤ ይሄ ልክ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፦

```
a = (10 - 0)/5 = 2 m/s
F = 400 x 2 = 800
```

ትክክለኛው ደግሞ ይሄ ነው፦

```
ምሥራቅ = +
a = (0 - 10)/5 = -2 m/s²
F = 400 x (-2) = -800 N
800 N ወደ ምዕራብ
```

ልዩነቱን አየኸው? የመጨረሻው ቬሎሲቲ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ነው መቅደም ያለበት። ወንድሜ ገልብጦ ቀነሰ። ለምን ስለው «ኔጌቲቭ ፎርስ የለም ብዬ ነው» አለኝ። ብዙ ልጅ እንዲህ ነው የሚያስበው። ማይነሱ ግን ፎርሱ ከባጃጁ ጉዞ በተቃራኒ ነው ማለት ብቻ ነው።

«ያው 800 አይደል?» እያለ ሲያስቸግረኝ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። ያው 800 ኒውተን ወደ ምሥራቅ ቢሆን ኖሮ ባጃጁ በየሰከንዱ 2 m/s ይጨምራል፤ በ5 ሰከንድ 20 m/s ይደርሳል። ይህም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ 800 ያቆመዋል፣ ሌላው 800 ፍጥነቱን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

2. ዩኒት። አክስለሬሽኑን m/s ብሎ ጽፎታል፤ ያ የቬሎሲቲ ዩኒት ነው። 800 አጠገብ ደግሞ ምንም የለም። አንተ ጋ 2880 ከመጣ አቅጣጫውን ከማየትህ በፊት እዚህ ጋ ቁም፤ 36ን ሳትቀይር በቀጥታ ለ5 አካፍለህ 7.2 ብለሃል ማለት ነው። ኒውተን የሚወጣው ኪሎ ግራም፣ ሜትርና ሰከንድ ሲገቡ ብቻ ነው።

3. ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው? እዚህ ላይ አሁንም ያናድደኛል። መምህሩ ስላልነበረ መጀመሪያ ወደ አንድ ኃላፊ ላኩን። ወረቀቱን ሳያይ «ነጥብ ልመና ነው የመጣችሁት?» አለን። ልጁ ፊቱ ቀላ። እኔ ከዚህ በፊት ማንንም ነጥብ ለምኜ አላውቅም፤ የሄድነውም ለመለመን አልነበረም። አንድ ልጅ 36ን ወደ 10 በትክክል ቀይሮ፣ F = ma ብሎ በትክክል ተክቶ ዜሮ መቀበሉ ተገቢ አይደለም። ያ ሥራ ነጥብ አለው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ መምህርህ ሂድ፣ ክፍል ውስጥ ሰው ፊት ግን አይሁን።

ለመምህሩ ወንድሜ ራሱ እንዲናገር አደረግኩ። «ቲቸር፣ አቅጣጫውን አልጻፍኩም፣ ቅነሳውንም ገልብጫለሁ፣ ዩኒቱም ስህተት ነው። ቅየራውና ፎርሙላው ግን ልክ ስለሆነ ለእሱ የሚሰጥ ነጥብ አለ?» አለ። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ደግሞ አየው፣ ከ5 2 ሰጠው። ሁለቱን ነጥብ ልጁ ራሱ አስረድቶ ነው ያገኛቸው፤ እኔ ዳር ቆሜ ነበር።

ያንተ ጉዳይ ከዚህ የሚጠነክርባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ጥያቄው የፎርሱን መጠን ብቻ ከጠየቀ ነው፤ ያኔ 800 N ያለ አቅጣጫ ሙሉ መልስ ነው። ሁለተኛው -800 N ጽፈህ ከሆነ ነው፤ ከላይ «ምሥራቅ ፖዘቲቭ» ካልክ ወይም በቀስት ካሳየህ ማይነሱ ራሱ አቅጣጫ ስለሆነ ሙሉውን ጠይቅ። ምንም ሳትል ማይነስ ብቻ ካስቀመጥክ ግን መምህሩ ፖዘቲቩ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ኢነርጂ ከሆነ የተጠየቅከው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የዚያ ባጃጅ ካይኔቲክ ኢነርጂ 20,000 J ነው፣ አቅጣጫ የሚባል ነገር የለውም። እዚያ ላይ በአቅጣጫ ምክንያት ከተቀነሰብህ ሳትፈራ ሂድ።