ፊት ሲቀየር ፈገግታና ቅንድብ እንዳይቀየሩ

በቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች፣

እዚህ ባሕር ዳር ፊት ቀይሮ ቪዲዮ ማውጣት ለብዙዎቻችሁ የአንድ ምሽት ሥራ ሆኗል። የምታሳዩኝን ሳይ ግን ፊቱ ተቀይሮ፣ የሰውየው ሁኔታም አብሮ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ሲያዝን የነበረው ፈዞ ይቀራል፣ በጨዋነት ፈገግ ያለችው ደግሞ የምትስቅ ትመስላለች። ስለዚህ የሠራነውን አንድ ቃለ መጠይቅ ይዤ ነገሩን ላስረዳችሁ።

ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ናት። የላካትን ደላላ ስለምትፈራ ፊቷ እንዳይታይ ጠየቀች። ድሮ ቢሆን ፊቷን አደብዝዘን እንለቀው ነበር፤ የደበዘዘ ፊት የሚናገረውን ግን ሰው ብዙም አይሰማውም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዌልካም ቱ ቼችኒያ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የሚሳደዱትን ሰዎች ፊት በፈቃደኞች ፊት ተክቶ ስሜታቸውን እንዳለ አሳይቷል። እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። አንዲት ፈቃደኛ ወጣት ፊቷ የት የት እንደሚታይ ተነግሯት፣ ፈርማ ሰጠችን።

ፊቷን የምታውሰው ወጣት ሶርስ ትባላለች፣ በቪዲዮው ላይ የምትናገረው ሴት ታርጌት ናት። ከሶርስ የምንወስደው የፊቷን አቀማመጥ ብቻ ነው፤ አጥንቷን፣ አፍንጫዋን፣ የዓይኗን ርቀት። ፈገግታው፣ ቅንድቡ፣ የራስ አዟዟሩና ብርሃኑ የታርጌት ሆነው ይቀራሉ። ይህን መለየት የሚቻለው ብላንዝና ፌተር በ1999 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ባለ ሦስት አቅጣጫ የፊት ሞዴል ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በኋላ የመጡት ማንነትንና የፊት እንቅስቃሴን በሁለት የተለያዩ የቁጥር ስብስቦች ያስቀምጣሉ፦

```
S = S_mean + B_id·α_source + B_exp·β_target
```

S የሚወጣው የፊት ቅርጽ ነው፤ ሁለቱ B ቁጥሮቹን ወደ ቅርጽ የሚቀይሩ ናቸው። መጀመሪያ አማካይ ፊት አለ። በእሱ ላይ የሶርስ ማንነት (α) ይደመራል፣ ከዚያ የታርጌት እንቅስቃሴ (β) ይደመራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ያለቀ ነገር ይመስላል።

የመጀመሪያው ችግር የሚመጣው ከሶርስ ፎቶ ነው። ፎቶ ስንነሳ ሁላችንም ፈገግ እንላለን። ሞዴሉ አንድ ፎቶ ብቻ ሲሰጠው ከፍ ያለው የከንፈር ጫፍ የልጅቷ ተፈጥሮ ይሁን ፈገግታ አያውቅም፤ ከፊሉን በα ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ያ ፈገግታ ከእያንዳንዱ ፍሬም ጋር ይደመራል። የእኛዋ ሴት ደመወዟን እንዴት እንደከለከሏት ስትናገር ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ሳቅ ተቀምጦ ነበር፤ ያየው ሁሉ «ምን ያስቃታል?» አለ። መድኃኒቱ የሶርስን ብዙ ፎቶ መውሰድ ነው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ዝም ያለች፣ የሳቀች። የአንድ ሰው α በሁሉም ፎቶ አንድ መሆን ስላለበት በአንድ ላይ ይሰላል፣ የሚለዋወጠውም ወደ β ይሄዳል።

ቅንድብ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የተፈጥሮ ቅንድቧ ዝቅ ያለ ልጅ ሶርስ ከሆነች፣ β ትክክል ቢሆንም ፊቱ የተቆጣ ይመስላል። ይህን በስሌት ከማስተካከል ሌላ ፈቃደኛ መፈለግ ይቀላል። እኔ ሶርስ ስመርጥ ከቆዳ ቀለም በፊት ሲያርፍ ቅንድቡ የት እንደሚቀመጥ ነው የማየው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አፉን አይከፍትም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። ጠያቂዋ «ፓስፖርትሽን ወስደውት ነበር?» ስትላት የሴትዮዋ መልስ ይኸው ነበር። ሩብ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀረጽ ቪዲዮ ስድስት ፍሬም ያህል ነው። የመጀመሪያው ሥራችን ሲወጣ ይህ መልስ አልነበረም። ሴትዮዋ ጥያቄውን ሰምታ ዝም ያለች ትመስል ነበር።

የጠፋው ማለስለሻው ላይ ነው። ፊቱ ከፍሬም ፍሬም እንዳይንቀጠቀጥ ሁላችሁም የβን ቁጥሮች በጎረቤት ፍሬሞች አማካይ ትተካላችሁ። የእሷ ቅንድብ በስድስቱ ፍሬም 0.3፣ 0.8፣ 0.9፣ 0.7፣ 0.3፣ 0.1 ነበር እንበል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ዜሮ። በዘጠኝ ፍሬም አማካይ ሲሰላ ድምሩ 3.1 ለዘጠኝ ይካፈላል፣ ከፍተኛው 0.34 ይሆናል። 0.9 የነበረ ቅንድብ በሲሶው ገደማ ብቻ ተነሳ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አያየውም። በሦስት ፍሬም አማካይ ግን 0.8 ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው እንደ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ማለስለሻ ነው፤ ዋን ዩሮ የሚባለው ፊልተር ፊቱ ሲያርፍ አጥብቆ ያለሰልሳል፣ ቅንድቡ ድንገት ሲነሳ ይለቀዋል። የራስን አዟዟር ለብቻው አለስልሱት፤ እሱ ጠንከር ያለ ማለስለሻ ይችላል።

ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ በተለይ ቪዲዮውን ደጋግማችሁ ካያችሁት። የመጀመሪያውንና የተሠራውን ቪዲዮ ሁለቱንም በሌላ የፊት እንቅስቃሴ መከታተያ አስለኩ። ሚዲያፓይፕ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ፍሬም `browInnerUp` እና `mouthSmileLeft` የሚሉ ቁጥሮች ያወጣል። ከእያንዳንዱ ፊት ላይ ያረፈበትን ጊዜ ቁጥር ቀንሱና ሁለቱን መስመሮች ደርባችሁ ሳሉ። ጫፎቹ ብቻ ከተቆረጡ ጥፋቱ የማለስለሻው ነው። የሶርስ ፎቶ ጥፋት የሚታየው ከመቀነሳችሁ በፊት ነው፤ መስመሩ ቅርጹን ሳይለቅ ከዳር እስከ ዳር ከፍ ብሎ ይታያል። ልኬቱም ያልተነሳን ቅንድብ እንደተነሳ ሊቆጥር ይችላል። እኛ የቀረጽነው ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ውኃው ላይ የሚወርደው ብርሃን ተመልሶ ከአገጭ ወደ ግንባር እየተርገበገበ ይወጣል፣ መከታተያውም ጥላውን ቅንድብ ነው ብሎ ያነበዋል። ከሐይቁ አርቃችሁ ከማስቀመጥ ይልቅ በእሷና በውኃው መካከል ጥቁር ጨርቅ ከጉልበቷ በታች ዘርጉ፤ ውኃው የሚመልሰው ብርሃን ይቀንሳል፣ ታንኳዎቹም ከፍሬሙ አይወጡም።

የግንባር መጨማደድን ይህ ስሌት አይዘውም። የሞዴሉ ቁጥሮች ጥቂት ስለሆኑ ቅንድቡ ሲነሳ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እኛ አዲሱን ፊት የሚገድበውን የጭንብሉን የላይኛ ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ አቁመን ግንባሩን የራሷን ተውንላት። ጠርዙን ቅንድቡ ላይ ካሳረፋችሁት ሲነሳ ሁለት ቅንድብ ይታያል፤ የሶርሷ ከታች፣ የራሷ ከላይ።

አንድ ነገር ግን ከቀረጻ በፊት ለባለታሪኳ ንገሩ። ፈገግታዋንና ቅንድቧን እንዳለ ባቆየን ቁጥር እናቷና ጎረቤቷ በአነጋገሯ የሚያውቋት ዕድል ይጨምራል። ድምጿንም ቀይረን ነበር፣ ትንፋሽ ሳብ አድርጋ መመለሷ ግን የእሷ ነው። የእኛዋ ሴት የተሠራውን አይታ «እህቴ ታውቀኛለች፣ ደላላው ግን አያውቀኝም» ብላ ፈቀደች። ያንን መልስ ከእሷ ሳትሰሙ ፋይሉን ለማንም አትላኩ፤ ዋናውን ቀረጻም ኢንተርኔት የማይገባ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጡት።