የወርሃዊ ደመወዝ ወጪ ሪፖርት ርክክብ

ጥያቄ፦ «ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን የደመወዝ ወጪ ሪፖርቱን እየተረከብኩ ነው። ድምሩ ከፔሮሉ ጠቅላላ ክፍያ ለምን ይበልጣል?»

መልስ፦ ልዩነቱ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ነው፤ ከሠራተኛው ላይ ስለማይቆረጥ በጠቅላላ ክፍያው ውስጥ አይገኝም፣ ሪፖርቱ ግን ከመሠረታዊ ደመወዙ አስልቶ ይደምረዋል። ለምሳሌ መሠረታዊ ደመወዙ 20,000፣ የትራንስፖርት አበሉ 2,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ለድርጅቱ 24,200 ብር ወጪ ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር፣ ከራሱ ደመወዝ የሚቆረጥ ስለሆነ ደግመው እንዳይደምሩት አደራ። 24,420 ብር ካዩ ቀመሩ በአበሉም ላይ መዋጮ አስልቷል ማለት ነው።

ሪፖርቱ በራሱ ከመላኩ በፊት፣ የጡረታ ዕቅዱ የማይመለከታቸውን የውጭ ዜጎች አውጥተው፣ የአሠሪውን መዋጮ ድምር ለመሠረታዊ ደመወዝ ድምር ያካፍሉ፤ ከ0.11 ካነሰ ብዙ ጊዜ የአዲስ ተቀጣሪ የጡረታ ዓምድ ባዶ ቀርቷል።