ኑዛዜ ነው ወይስ ስጦታ? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«አባቴ ‘ከሞትኩ በኋላ ቤቴ የልጄ ይሁን’ የሚል የስጦታ ውል በሁለት ምስክር ፊት ፈርሞልኝ አረፈ። ወንድሞቼ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ይላሉ። እውነት ነው?»

ወንድሞችዎ ጠንካራ መከራከሪያ ይዘዋል። ሕጉ የሚያየው ርእሱን ሳይሆን ውጤቱን ነው። ሰጪው ሲሞት የሚፈጸም ስጦታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2428 መሠረት የሚታየው በኑዛዜ ደንብ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው፣ ግልጽ የሚባለው ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይሰፍራል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ (ቁጥር 881)። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ነው።

«አባቴ በእጁ የጻፈው ነው» ቢሉስ? በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም። ሆኖም ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። «የስጦታ ውል» የሚል ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

«ከሞትኩ በኋላ» የሚለው ሐረግ ባይኖርም ኖሮ ብዙ አይለወጥም ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም የግልጽ ኑዛዜን ፎርም እንዲከተል ቁጥር 2443 ያዛል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

«እናታችን በሕይወት ሳለች ቤቱን ለእህቴ ሰጥታ ስመ ሀብቱ ዞሯል። ውርስ ልጠይቅ እችላለሁ?»

ስጦታው ከጸና ቤቱ ከውርሱ ወጥቷል። የሚቀርዎት አንዱ መንገድ ስጦታውን ራሱን መንካት ነው፤ ሰነዱን አውጥተው ምስክሮቹን ይቁጠሩ። ስጦታ ውል ስለሆነ እህትዎ መቀበላቸውንም ይመልከቱ። ቤቱ ከአባትዎ ጋር የጋራ ከነበረ ደግሞ እናትዎ ብቻቸውን ሊሰጡት አይችሉም ነበር፤ ወራሾች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ኑዛዜም ቢሆን የሚሠራው በተናዛዡ ድርሻ ላይ ብቻ ነው።

«አባታችን ሁሉንም ለታናሼ ተናዞ የእኔን ስም አላነሣም። ተነቀልኩ ማለት ነው?»

ልጅ በዝምታ ከውርስ አይነቀልም። ነቃዩ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ምክንያቱ ከተጻፈ ግን ክርክሩ ይጠብባል፤ ፍርድ ቤቱ ነገሩን እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ፣ ልጅ ለመንቀል ይበቃል ወይ የሚለውን ብቻ ይመረምራል።

«ሐሳቤን ብቀይርስ?»

ኑዛዜን በፈለጉ ጊዜ ይሽራሉ፤ «አልሽርም» ብለው ቢፈርሙ እንኳ አያስርዎትም። በኑዛዜ ያስቀመጡትን ቤት በኋላ ቢሸጡት ወይም ለሌላ ቢሰጡት ያ ቃል ይሻራል። ተቀባዩ የተቀበለውን ስጦታ ግን ስለተጸጸቱ ብቻ አይመልሱትም፤ እንደ ከባድ ውለታ ቢስነት ያለ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ያስፈልጋል።