የ x^x ዴሪቬቲቭ፦ ቤዙም ኤክስፖነንቱም አብረው ሲለወጡ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የ y = x^x ዴሪቬቲቭ ስሠራ በፓወር ሩል x·x^(x−1) መጣልኝ፤ ይህም ተመልሶ ያው x^x ነው። ጓደኛዬ ደግሞ እንደ 2^x ቆጥሮ x^x·ln x አገኘ። የመልስ ወረቀቱ ላይ ያለው ከሁለታችንም ጋር አይገጥምም። የተሳሳትነው የት ላይ ነው?»

የሁለታችሁን መልሶች ደምሯቸው፤ x^x + x^x·ln x ይመጣል። x^xን በጋራ ስታወጡት x^x(1 + ln x) ይሆናል፣ መልስ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውም ይኸው መሆን አለበት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እያንዳንዳችሁ የትክክለኛውን መልስ አንድ ክፍል በትክክል ሠርታችሁ ሌላውን ክፍል ትታችሁታል፤ የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተትም በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

የተጠቀማችሁባቸው ሁለት ሕጎች የየራሳቸው ቅድመ ሁኔታ አላቸው። የ x^n ዴሪቬቲቭ n·x^(n−1) የሚሆነው n ቋሚ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። የ a^x ዴሪቬቲቭ a^x·ln a የሚሆነው ደግሞ a ቋሚ ሲሆን ነው። የሁለተኛው ምክንያት ከትርጉሙ ስትነሡ ይታያል፤ (a^(x+h) − a^x)/h የሚለውን a^x·(a^h − 1)/h ብለን ብንጽፈው፣ ከ a^x ቀጥሎ ያለው ክፍልፋይ ውስጥ x የለም። a = 2 እና h = 0.001 ብታደርጉ ክፍልፋዩ ወደ 0.6934 ይሆናል፣ hን ይበልጥ ስታሳንሱት ወደ ln 2 ማለትም ወደ 0.6931 ይጠጋል። ይህ ቁጥር ልክ 1 የሚሆንበት ቤዝ e ነው፤ የ e^x ዴሪቬቲቭ ራሱ e^x የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በ x^x ላይ ግን aም nም ቋሚ አይደሉም፤ x ሲንቀሳቀስ ቤዙም ኤክስፖነንቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ይህን በካልኩሌተር ማየት ይቻላል። x ከ 2 ወደ 2.001 ከፍ ይበል። ኤክስፖነንቱን 2 ላይ አቁመን ቤዙን ብቻ ብናንቀሳቅስ፣ 2.001^2 − 2^2 = 0.004001 ይሆናል። ቤዙን 2 ላይ አቁመን ኤክስፖነንቱን ብቻ ብናንቀሳቅስ ደግሞ 2^2.001 − 2^2 ወደ 0.002774 ይመጣል። የሁለቱ ድምር 0.006775 ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ስናንቀሳቅስ 2.001^2.001 − 2^2 ወደ 0.006779 ይሆናል። በመካከላቸው የቀረችው ትንሽ ልዩነት የመጣችው ከሁለቱ ለውጦች መደራረብ ነው፤ እርምጃውን ባሳነስን ቁጥር ከእርምጃው በፈጠነ ሁኔታ ስለምታንስ በሊሚቱ ላይ ድርሻ አይኖራትም። ሁሉንም ለ 0.001 ስታካፍሉ የአንተ መልስ 4፣ የጓደኛህ ወደ 2.77፣ ትክክለኛው ስሎፕ ደግሞ ወደ 6.77 መሆኑን ታያላችሁ። 4(1 + ln 2) የሚሰጠውም 6.77 ነው።

በፈተና ላይ ግን ሁለቱን እየነጣጠሉ ከመደመር ይልቅ ሎጋሪዝም ወስዶ መሥራት የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ሎጋሪዝም ኤክስፖነንቱን ወደ ተራ ማባዣ ያወርደዋልና። የዚህ ዓይነቶቹን ፈንክሽኖች ስሌት ዮሐን በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1697 አሳትሞታል፤ ዛሬም የምንሄደው ሎጋሪዝም በመውሰድ ነው። y = x^x ከሆነ ln y = x·ln x ነው። ቀኙ በፕሮዳክት ሩል ln x + x·(1/x)፣ ማለትም ln x + 1 ይሆናል። ግራው ግን y′ ብቻ ወይም 1/y ብቻ አይደለም፤ y ራሱ የ x ፈንክሽን ስለሆነ በቼይን ሩል y′/y ነው። ስለዚህ y′ = y(ln x + 1)፣ yን በ x^x ስንተካው y′ = x^x(ln x + 1)። ብዙ ተማሪ ln x + 1 ላይ ደርሶ ያቆማል፣ በ y ማባዛቱን ይረሳል፤ ይህን ስህተት ለመለየት ከላይ እንዳደረግነው አንድ ቁጥር አስገብቶ ማመሳከር በቂ ነው።

ትንሽ ከበድ ያለ ምሳሌ እንውሰድ፤ y = (x² + 1)^x። ln y = x·ln(x² + 1)። እዚህ ላይ ln(x² + 1)ን ወደ ln x² + ln 1 የሚበትን አለ፤ ሎጋሪዝም የሚበትነው ብዜትን ነው፣ ድምርን አይደለም፤ ስለዚህ እንዳለ ይቆያል። ዴሪቬቲቩ በቼይን ሩል 2x/(x² + 1) ነው። እንግዲህ

y′/y = ln(x² + 1) + 2x²/(x² + 1)

y′ = (x² + 1)^x·[ln(x² + 1) + 2x²/(x² + 1)]

x = 1 ስታስገቡ y = 2፣ y′ = 2(ln 2 + 1)፣ ማለትም ወደ 3.386 ይሆናል። በካልኩሌተር (2.002001^1.001 − 2)/0.001 ወደ 3.391 ስለሚሰጥ ሥራው ትክክል ነው። በቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁራጮች ልብ በሏቸው፤ የመጀመሪያው ከኤክስፖነንቱ መንቀሳቀስ፣ ሁለተኛው ከቤዙ መንቀሳቀስ የመጡ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የሆነ ቦታ ላይ አንዱን እንደ ቋሚ ቆጥራችኋል ማለት ነው።

ግራፉም ይመሰክራል። የአንተ መልስ x^x ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ ፈንክሽኑ መቼም አይወርድም ይላል። ነገር ግን 0.1^0.1 ወደ 0.794 ሲሆን 0.3^0.3 ወደ 0.697 ነው፤ ወርዷል። የጓደኛህ መልስ ደግሞ x = 1 ላይ ስሎፑ ዜሮ ነው ይላል፤ ነገር ግን ከ 0.9^0.9 እስከ 1.1^1.1 ዋጋው ከ 0.910 ወደ 1.111 ይወጣል፤ እዚያ ላይ ስሎፑ 1 ነው። ትክክለኛው ዴሪቬቲቭ ዜሮ የሚሆነው ln x = −1 ሲሆን፣ ማለትም x = 1/e ወይም ወደ 0.368 ላይ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋም ወደ 0.692 ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤዙ ከዜሮ በላይ ሲሆን ነው። x^xን ለ x > 0 ብቻ የምንወስደውም ለዚህ ነው፤ ለምሳሌ x = −1/2 ብንል የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ውስጥ ስለምንገባ በሪል ቁጥሮች ትርጉም አይኖረውም። (x² + 1)^x ላይ ይህ ችግር አይነሣም፣ ቤዙ ምንጊዜም ቢያንስ 1 ነውና።

አንድ የሚያዘናጋ ጥያቄ ልጨምር፤ y = x^x + 2^x ቢመጣ በቀጥታ ln y መውሰድ የትም አያደርስም፣ የድምር ሎጋሪዝም አይበተንምና። እያንዳንዱን ለየብቻ ሠርታችሁ በመጨረሻ ደምሩ፤ ለመጀመሪያው ሎጋሪዝም ትወስዳላችሁ፣ ለሁለተኛው የጓደኛህ ፎርሙላ እንዳለ ይሠራል፦ y′ = x^x(ln x + 1) + 2^x·ln 2።